ሞልቶ የሚከስር አዳራሽ፦ የአንድ የደሴ ምሽት የቲኬት ሒሳብ

ሦስት የደሴ ወጣቶች አንድ የሙዚቃ ምሽት ለማዘጋጀት ተነሱ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች በአንድ መድረክ እንዲሰሙ ፈለጉ። መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ይዘው የሚጫወቱ ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሁለት ድምፃውያን ይጨመራሉ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ አገር ስም የያዙ ናቸው። ደሴ ላይ ለእንዲህ ያለ ምሽት አድማጭ አይጠፋም። እውነትም አልጠፋም። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው።

ሒሳቡን የያዘችው ልጅቷ ነበረች። ሥራው ገና ሲጀመር ደብተሯን ይዛ መጣች። እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚዘጋጁ ዝግጅቶችን ሒሳብም አልፎ አልፎ እሠራለሁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ምሽት ድረስ ቁጥሩን አብሬ ስከታተል ቆየሁ። እዚህ የምጽፈው በእነሱ ፈቃድ ነው፤ ስማቸውንና የአዳራሹን ስም ግን ትቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ቀኑ ተመረጠ። ወሎ ውስጥ ቀን መምረጥ ራሱ ሥራ ነው። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም መታየት አለበት። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ከመግባታቸው በፊት መሆን ስለነበረበት የጥር የመጨረሻው ቅዳሜ ተያዘ። ጥር ግን የሠርግ ወር ነው። አዳራሽ ይወደዳል፤ ቅዳሜ ደግሞ ይብሳል። የአዳራሹ ባለቤት በሠርግ ዋጋ 60,000 ብር ጠየቁ። ልጆቹ «ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልን» ብለው ለመኑ። እሳቸውም «ልጆቼ፣ ለሠርግ የሚፈልገው ሰው ደጄ ላይ ቆሟል» አሉ። አልዋሹም።

ሌላው ወጪ እንዲህ ነበር። ለሙዚቀኞቹና ለድምፃውያኑ 110,000 ብር። ለድምፅና ለመብራት ኪራይ 45,000። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመጓጓዣና ለማደሪያ 30,000 ተያዘ። ለፖስተር፣ በመኪና ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ለሚዞረው ማስታወቂያና ለፌስቡክ 18,000። መብራት ቢጠፋ ለጄኔሬተርና ለነዳጅ 15,000። ለጥበቃ፣ ለበር ሠራተኞችና ለተጋባዦች ለስላሳ 12,000። ድምሩ 290,000 ብር ሆነ።

ይህ 290,000 ብር ቋሚ ወጪ ነው። አሥር ሰው ቢመጣም ሦስት መቶ ሰው ቢመጣም አይነቃነቅም። ሰው በመጣ ቁጥር የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ቲኬቱ ታትሞ፣ ከቲኬቱ ጋር የሚሰጠው አንድ ለስላሳ ታክሎበት በነፍስ ወከፍ 50 ብር ይመጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቲኬት 50 ብር ሲነሳ የሚቀረው ገንዘብ ያንን ትልቅ ቋሚ ወጪ እየሸረሸረ ይሄዳል።

ልጆቹ ሦስት ዋጋ አውጥተዋል። ቀድሞ ለሚገዛ 600 ብር፣ መደበኛው 900፣ በር ላይ 1,200። ከእያንዳንዱ 50 ብር ሲቀነስ የሚተርፈው 550፣ 850 እና 1,150 ነው። የ600 ብሩ ዋጋ ለሁለት ሳምንት እንዲቆይ አስበዋል። አዳራሹ 500 ሰው ይይዛል ተብሏል። ስለዚህ 200 ሰው በቀዳሚው ዋጋ፣ 200 በመደበኛው፣ 100 በር ላይ ይገዛል ብለው ገመቱ። ስሌቱ ሲሠራ ጠቅላላ ትራፊው 395,000 ብር ይሆናል። ወጪው ሲነሳ 105,000 ብር ትርፍ። ደብተሩ ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ስሌቱ ልክ ነው። ስሕተቱ ያለው 500 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው።

አዳራሽ አከራይ «500 ሰው ይይዛል» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ስለ ስብሰባ ነው የሚያወራው። መድረክ የለም፤ የድምፅ መቆጣጠሪያ ጠረጴዛ የለም፤ ወንበር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይደረደራል። ለሙዚቃ ምሽት ግን ነገሩ ይለያል። ስለዚህ ሜትር ይዘን ሄድን። ወለሉ 24 በ15 ሜትር ነው፤ 360 ካሬ። መድረኩ 10 በ6 ሜትር ስለሆነ 60 ካሬ ይወስዳል። መተላለፊያው፣ የድምፅ ባለሙያው ቦታና በሩ አካባቢ ክፍት መቅረት ያለበት ወለል ተደምሮ 53 ካሬ ሆነ። ለወንበር የተረፈው 247 ካሬ ነው። በረድፍ ለሚደረደር ተነቃናቂ ወንበር በሌሎች አገሮች የእሳት ደኅንነት ደንብ ውስጥ የተለመደው ልክ ለአንድ ሰው 0.65 ካሬ አካባቢ ነው። 247ን ለ0.65 ስናካፍል 380 ወንበር ይወጣል። ጠረጴዛ ይግባ ቢባል ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ገደማ ስለሚያስፈልግ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይወርድ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አየን። አዳራሹ ሁለት በር አለው፤ የኋላው ግን በቁልፍ ተዘግቶ ከፊቱ ዕቃ ተቆልሎበታል። በአንድ በር ብቻ 380 ሰው ማስገባት አይታሰብም። ክፉ ነገር ቢመጣ ሰው የሚወጣበት ያጣል። ዕቃው እንዲነሳና በሩ በዚያ ምሽት ክፍት ሆኖ ጠባቂ እንዲቆምበት ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። አቅም ሲባል ወንበር መቁጠር ብቻ አይደለም።

ከ380ው ላይ ደግሞ ተጋባዦች ይነሳሉ። የሙዚቀኞቹ ቤተሰብ፣ የአዳራሹ ባለቤትና እንግዶቻቸው፣ ጋዜጠኞች፣ ያገዙ ሰዎች። ይሄ ዝርዝር ካልተገደበ ያብጣል። 30 ላይ ተቆረጠ። የሚሸጠው ወንበር 350 ብቻ ሆነ።

አሁን ያው ዕቅድ በ350 ወንበር ሲታይ ነገሩ ይገለበጣል። የ600 ብሩ ዋጋ በቀን እንጂ በቁጥር አልተገደበም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 200 ሰዎች እንደታሰበው በርካሹ ይገዛሉ። የሚጎድሉት 150 ወንበሮች ከኋላ፣ ከውድ ዋጋዎቹ ነው የሚቆረጡት። 200 ሰው በቀዳሚው፣ 100 በመደበኛው፣ 50 በር ላይ ይሆናል። ትራፊው 252,500 ብር ነው። ወጪው 290,000። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ 37,500 ብር ኪሳራ።

ልጅቷ ይህን ስታይ ቁጥሩን ደግማ ሠራችው። ሰው ብዙ ጊዜ ኪሳራን የሚያስበው ከባዶ ወንበር ጋር ነው። እዚህ ግን አንድም ባዶ ወንበር የለም። ወንበሩ ሁሉ በቀዳሚው ዋጋ ቢሸጥማ ወጪውን ለመመለስ 528 ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አዳራሹ ያን ያህል ሰው አይችልም። ሁሉም በ900 ቢሸጥ 342 ሰው ይፈልጋል፤ ለመሙላት ስምንት የቀረው ማለት ነው። ሁሉም በር ላይ በ1,200 ቢሸጥ 253 ይበቃ ነበር። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ስንት ሰው ይመጣል የሚለው ብቻ አይደለም። 350ውን ወንበር በየትኛው ዋጋ ከፋፍለን እንሸጠው የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀዳሚው ዋጋ ያለኝን አቋም ልናገር። ብዙ አዘጋጅ ቀዳሚ ዋጋን እንደ ማስታወቂያ ወይም እንደ ደግነት ያየዋል። ለእኔ ግን ብድር ነው። ገዢው ገንዘቡን ከአንድ ወር በላይ አስቀድሞ ይሰጥሃል፤ አንተ ደግሞ ለዚያ ቅናሽ ትከፍለዋለህ። ብድር ከሆነ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ የቀዳሚ ቲኬት ቁጥር መውጣት ያለበት ከቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ከጎደለው ጥሬ ገንዘብ ነው።

ልጆቹ ከዝግጅቱ በፊት ምን ያህል ብር ያስፈልጋቸው ነበር? ለአዳራሹ ግማሽ ቀብድ 30,000፣ ለሙዚቀኞቹ ግማሽ 55,000፣ ለማስታወቂያ ሙሉውን 18,000። ድምሩ 103,000 ነው። ሦስቱ ያዋጡት 60,000 ብር ነበር። የጎደለው 43,000። ለስላሳው የሚገዛው በዕለቱ ስለሆነ ከቀዳሚ ቲኬት 600 ብሩ እንዳለ ኪስ ይገባል። 43,000 ለ600 ሲካፈል 72 ቲኬት ነው። ለመጠባበቂያ ተብሎ 80 ተደረገ። ከዚያ በላይ አንድም ቲኬት በ600 አይሸጥም፤ በአንድ ቀን ቢያልቅም፣ ሦስት ሳምንት ቢቆይም።

ቀሪው 270 ወንበር 190 በመደበኛው፣ 80 በር ላይ ተብሎ ተከፈለ። በ900 ብሩ ዋጋ ሲሰላ ትራፊው 297,500 ነው። ሞልቶ ትርፉ 7,500 ብር ብቻ። ይህ ለንፋስ የተጋለጠ ዕቅድ ነው። አሥር ሰው ቢቀር ያልቃል። ስለዚህ መደበኛው ዋጋ ወደ 1,000 ከፍ አለ። ከበዙት ቲኬቶች ላይ የተጨመረ 100 ብር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይሠራል፤ ሙሉ ሲሸጥ ትርፉን ወደ 26,500 አነሳው። ከወንዶቹ አንዱ ቀዳሚውንም ወደ 700 እናውጣው ብሎ ነበር። በ80 ቲኬት ላይ ግን የሚያመጣው 8,000 ብር ነው። ፈጥኖ መሸጡ ደግሞ ለቀብዱ የግድ ስለነበር 600ው ባለበት ቀረ።

ስለ ታክስም አንድ ነገር እዚህ ላይ መግባት አለበት። እነዚህ ልጆች ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ አልነበሩም። የተመዘገበ አዘጋጅ ግን ፖስተር ላይ 1,000 ብር ብሎ ከጻፈ ታክሱ ከዚያው ውስጥ ነው የሚወጣው። 15 በመቶ ነውና 1,000 ለ1.15 ተካፍሎ 869 ብር ከ57 ሳንቲም ብቻ ነው የእሱ። በዚህ ጉዳይ ያሉት የቲኬት ገቢዎች ሁሉ በዚያ ልክ ይወርዳሉ፤ ይህ አዳራሽ በነዚህ ዋጋዎች ፈጽሞ አያዋጣም ነበር።

ሽያጩ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ተከፈተ። ክፍያው በቴሌብር ነው፤ ቲኬቱ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ካፌ ይወሰዳል። 80ው ቲኬት የገና በዓል ሳይደርስ አለቀ። የታኅሣሥ ደመወዝ ገና እጅ ላይ ነበር። ቀብዱ ተከፈለ። ሁሉም ደስ አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ይህ ዝምታ ደረጃ ባለው የቲኬት ሽያጭ ውስጥ የተለመደ ነው። ቀዳሚው ሲያልቅ የቸኮሉት ሰዎች አልቀዋል፤ የቀሩት ደግሞ ጊዜ አለን ይላሉ። እዚህ ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮች ተጨመሩ። አንደኛው የበዓሉ ወጪ ነው። ገና አለፈ፣ ወዲያው ጥምቀት መጣ፣ በየመሀሉ የሠርግ ጥሪ አለ። የጥር አጋማሽ ላይ ደመወዝተኛው ኪስ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ያገኘችው ልጅቷ ናት። የቴሌብር ዝርዝሩን ቁጭ ብላ ስትፈትሽ ከአንድ ስልክ ቁጥር የ20 ቲኬት ክፍያ አየች። ሰውየው በ600 ገዝቶ ለሚያውቃቸው በ800 እየሸጠ ኖሯል። ከተማው ትንሽ ነው፤ «800 የሚሸጥ አለ» የሚለው ወሬ ፈጥኖ ይደርሳል። ይህ እያለ ማን 1,000 ይከፍላል? 20 ቲኬት ከ350 ውስጥ ብዙ አይመስልም። ግን ወሬው ከ20ው ቲኬት በላይ ነው የሚሸፍነው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሰው ከአራት ቲኬት በላይ እንዳይሸጥ ተወሰነ፤ የገዢው ስምም ቲኬቱ ላይ እንዲጻፍ ሆነ። ይህ ከመጀመሪያው ቀን መኖር የነበረበት ገደብ ነው። ርካሹ ዋጋ ላይ ገደብ ከሌለ ቅናሹ የሚደርሰው ለአድማጩ ሳይሆን ለነጋዴው ነው።

ጥር 18 ቀን የተሸጠው መደበኛ ቲኬት 46 ብቻ ነበር። ከወንዶቹ አንዱ ተጨነቀ። «ቀዳሚውን ዋጋ ለሦስት ቀን እንክፈተው። ባዶ ከሚቀር በ600 ይሸጥ» አለ። ሐሳቡ ከጭንቀት የመጣ ነው፤ አይፈረድበትም። አዘጋጅ ሁሉ በዚያ ሳምንት ይህን ያስባል።

ልጅቷ በየማታው የምትሞላው አንዲት ሠንጠረዥ ነበረች። ሦስቱ ክፍሎች የተሸጡትን ቀዳሚ፣ መደበኛና የበር ቲኬቶች ብዛት ይይዛሉ። አራተኛው ገና ያልተሸፈነውን ወጪ ያሳያል፦

```
=290000-(B2*550+B3*950+B4*1150)
```

በዚያ ማታ የተሸፈነው 87,700 ብር ነበር። የቀረው 202,300። ይህ ለ950 ሲካፈል 213 መደበኛ ቲኬት ነው። ያልተሸጠው ወንበር 224 ነበር። እንግዲህ ቀሪው ሁሉ በመደበኛው ዋጋ ቢሸጥ 11 ወንበር ብቻ ነው የሚተርፈው። የበር ዋጋው ሲታከልበት ትንሽ ይተነፍሳል።

አሁን የልጁን ሐሳብ እናስገባበት። ከ224ቱ ግማሹ፣ 112ቱ፣ በ600 ይሸጡ። ቀሪው 112 በ1,000 ይሸጥ። ከመጀመሪያው ግማሽ 61,600፣ ከሁለተኛው 106,400፣ ድምሩ 168,000 ብር። የሚያስፈልገው ግን 202,300 ነው። አዳራሹ ሞልቶ 34,300 ብር ይጎድላል። ያ የመጀመሪያው ዕቅድ ኪሳራ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በዚያ ላይ 1,000 ብር የከፈሉት 46 ሰዎች አሉ። ነገ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው በ600 እንደገባ ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል? በሚቀጥለው ዝግጅት ማንም ቀድሞ አይገዛም። ዋጋ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው የሚለው እምነት ከፈረሰ ሦስቱ ደረጃ ትርጉም የለውም።

ልጁ ቁጥሩን አይቶ ተወው። በምትኩ ያደረጉት ሰውን ፍለጋ መውጣት ነው። ቲኬቱ በአንድ ካፌ ብቻ መሆኑ ሰውን አስቸግሮ ነበር። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኩል፣ በአንድ የወንዶች ፀጉር ቤትና ኮምቦልቻ ላይ ባለ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ መሸጥ ተጀመረ። ማስታወቂያውም ተለወጠ። «ቲኬት አለ» ከማለት ይልቅ «መደበኛው ዋጋ ዓርብ ማታ ያበቃል፤ ቅዳሜ በር ላይ 1,200» ተባለ። የገንዘብ ልዩነቱና ቀኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነገር ሰው ይወስናል።

ዋናውን ሥራ የሠራው ግን ደመወዝ ነው። የጥር ደመወዝ መግባት እንደጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ 135 መደበኛ ቲኬት ተሸጠ። የመደበኛው ድምር 181 ደረሰ። እኔ ከዚህ የያዝኩት ይህን ነው፦ ዝግጅቱ የወሩ መጨረሻ ላይ መሆኑ አዳነው። ከሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ ያው ፖስተር፣ ያው ዘፋኝ፣ ያው አዳራሽ እያለ ሽያጩ በጥር 18 ቁጥር አካባቢ ይቀር ነበር። ወሎ ላይ የቲኬት ዋጋ የሚለወጥበት ቀን ሲታሰብ ደመወዝና በዓል ቀድመው ይታዩ።

ቅዳሜ ማታ ለበሩ የቀረው 89 ወንበር ነበር። የበር ሽያጭ ሁለት ባሕርይ አለው። ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ገንዘቡ ግን በቀላሉ ይፈስሳል። ጥሬ ብር ነው፣ ሰልፍ ነው፣ ጨለማ ነው፣ «እኔ የእገሌ ወንድም ነኝ» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ የበር ቲኬቶች ከ1 እስከ 89 ተቆጥረው ቀለማቸው ተለየ። አንዱ ሰው ብር ይቀበላል፤ ሌላው ቲኬት ቀዶ ያስገባል። ብር የሚቀበለው አያስገባም፤ የሚያስገባው ብር አይነካም። ማታ ላይ የቀረው ቲኬትና የተያዘው ብር ይመሳከራል። በዚያ ምሽት 74 ቲኬት ተሸጠ፤ 15 ቀረ። ብሩም 88,800 ሆኖ ከቁጥሩ ጋር ገጠመ።

ለበሩ ሠራተኛ አንድ ተጨማሪ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ዋጋ ጠይቆ የሚመለሰውን ሰው በወረቀት ላይ እያሰመረ እንዲቆጥር። 23 ሰው ተመለሰ። ዝግጅቱ ከተጀመረ በኋላ 15 ወንበር ባዶ መሆኑ ሲታይ «በ1,000 እናስገባ?» የሚል ጥያቄ ከበሩ መጣ። ልጆቹ እንቢ አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ግን ቀላል ውሳኔ አይደለም። 15ቱ በ1,000 ቢሸጡ 14,250 ብር ይተርፍ ነበር። የምሽቱ ጠቅላላ ትርፍ ከዚያ ያነሰ ነው። ሆኖም ከግማሽ ሰዓት በፊት 1,200 ከፍለው የገቡት 74 ሰዎች ውስጥ ተቀምጠዋል። በር ላይ መከራከር እንደሚያዋጣ አንዴ ከታወቀ በሚቀጥለው ጊዜ ሰልፉ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

የምሽቱ ሒሳብ ሲዘጋ ከቀዳሚው 44,000፣ ከመደበኛው 171,950፣ ከበሩ 85,100 ብር ተረፈ። ድምር 301,050። ቋሚ ወጪው ሲነሳ 11,050 ብር ትርፍ። ለሦስት ሲካፈል ለአንዱ 3,683 ብር ነው። ለአንድ ወር ተኩል ልፋት ይህ ክፍያ አይባልም። ዕዳ ግን አልገቡም። 365 ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም ወጣ።

ለሚቀጥለው ዝግጅት ሁለት ነገር እንዲለወጥ መክሬያለሁ። የመጀመሪያው የበሩ ዋጋ ነው። 23 ሰው የተመለሰው ዋጋው ከመደበኛው በ200 ብር ስለዘለለ ይመስለኛል። በ1,100 ቢሆን ከአንዱ ቲኬት 1,050 ይተርፋል። የዚያን ምሽት የበር ትራፊ ለማግኘት 82 ሰው ይበቃል። ከተመለሱት ስምንቱ ቢገቡ እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የገባው ሁሉ ጥቅም ነው። በር ላይ ከመለማመጥ ዋጋውን ከመጀመሪያው አስተካክሎ ፖስተር ላይ መጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ቋሚ ወጪው ራሱ ነው። በዚህ አዳራሽ ቲኬት ላይ ብቻ እየቀነሱና እየጨመሩ ሩቅ አይኬድም፤ 350 ወንበር 290,000 ብር ተሸክሞ ይንገዳገዳል። ከሁሉ ትልቁ የሙዚቀኞቹ 110,000 ነው። ክፍያውን ማሳነስ ተገቢ አይደለም፤ ሙያተኞች ናቸው፣ ሩቅ መንገድ ይመጣሉ። አከፋፈሉን ግን መቀየር ይቻላል። የተረጋገጠ 80,000 ብር፣ ከ250 ቲኬት በላይ ለተሸጠው እያንዳንዱ ደግሞ 400 ብር። አዳራሹ ሲሞላ 120,000 ያገኛሉ፤ ካለፈው 10,000 ይበልጣል። እንዳለፈው 335 ቲኬት ቢሸጥ 114,000 ይደርሳቸዋል። ለአዘጋጆቹ ያ ማለት ደህና በሆነ ምሽት 4,000 ብር ተጨማሪ መክፈል ነው። ክፉ ምሽት ሲመጣ፣ 250 ሰው ብቻ ሲገዛ ደግሞ ኪሳራቸው በ30,000 ብር ይቀንሳል። ከሙዚቀኞቹ መሪ ጋር ተነጋግረዋል። ከፋሲካ በኋላ ለታሰበው ምሽት በዚህ ተስማምቷል፤ የተሸጠውን ቲኬት ቁጥር በየማታው እንዲልኩለት ብቻ ጠይቋል።